የምርት ስምን ማስመዝገብ፣ የቅንብርን ምሥጢር መጠበቅ፦ ለኢሉባቦር የውበት መጠበቂያ አምራቾች

በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙና በአካባቢው ከተሞች ቅቤ፣ ማርና የንብ ሰም የሚያገኝ ሰው የጸጉር ቅባት ወይም የገላ ሳሙና ለማዘጋጀት ዋናውን ግብዓት ከደጁ ያገኛል። ምርቱ ተወዳጅ መሆን ሲጀምር ግን ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይመጣሉ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው? በውስጡ ያለው ቅንብርስ ከአምራቹ እጅ እንዳይወጣ እንዴት ይጠበቃል?

ሁለቱ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ቢመስሉም መልሳቸው ተቃራኒ ነው። ስም የሚጠበቀው ለሁሉም በማሳወቅና በመንግሥት መዝገብ ላይ በማስፈር ነው። ቅንብር የሚጠበቀው ደግሞ ባለመናገርና በየትኛውም መዝገብ ላይ ባለማስፈር ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ነው፤ ማለትም አምራቹ ስሙን ሳያስመዘግብ ቆይቶ ቅንብሩን ለጠየቀው ሁሉ ሲያስረዳ።

የንግድ ፈቃድ የምርት ስም ባለቤት አያደርግም

በንግድ ጽሕፈት ቤት የተመዘገበ ስምና በዕቃ ላይ የሚለጠፍ ስም በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው የንግድ ስም ይባላል፤ ነጋዴው ሥራውን የሚያካሂድበት መጠሪያ ነው። ሁለተኛው የንግድ ምልክት ነው፤ ገዥው አንዱን ዕቃ ከሌላው የሚለይበት ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ቅንጅት ነው። የንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው የንግድ ስሙን አስመዘገበ እንጂ በቅባቱ ብልቃጥ ላይ ያለውን ምልክት የግሉ አላደረገም።

የንግድ ምልክት የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሚገዛው ሕግም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። አዋጁ በአንቀጽ 4 የምልክት ባለቤትነት የሚገኘውና በሦስተኛ ወገን ላይ የሚጸናው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሲሰጥ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ አንድን ስም ለአምስት ዓመት በመቱ ገበያ የተጠቀመ ሰው ያላስመዘገበ ከሆነ፣ ቀድሞ ካስመዘገበ ሰው ጋር በሚገጥመው ክርክር ብርቱ መከራከሪያ ይዞ መቅረብ ይከብደዋል።

ቀድሞ የሚያስመዘግበው ሰው ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ባዕድ አይደለም። ማሸጊያውን የሚያትመው ማተሚያ ቤት፣ ምርቱን ወደ ሌላ ከተማ ወስዶ የሚያከፋፍለው ነጋዴ፣ ወይም አብሮ ሥራ ጀምሮ የተለየ ሸሪክ ሊሆን ይችላል። በማኅበር የተደራጁ ሴቶችም ስሙን በሊቀመንበሯ የግል ስም ካስመዘገቡ፣ እሷ ስትለቅ ስሙም አብሯት ሊሄድ ይችላል። ማመልከቻው መቅረብ ያለበት በማኅበሩ ስም ነው። አርማውን የሣለው ባለሙያም ክፍያውን ሲቀበል በሥዕሉ ላይ ያለውን መብት ለአምራቹ ማስተላለፉን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ምን ዓይነት ስም ይመዘገባል?

አንዲት የመቱ አምራች ከነጠረ ቅቤ፣ ከንብ ሰምና ከጥቁር አዝሙድ ዘይት የጸጉር ቅባት አዘጋጀች እንበል። ለምርቷ አራት ስሞች አስባለች፤ «የጸጉር ቅባት»፣ «ንጹሕ ቅቤ»፣ «ኢሉባቦር» እና «ለምለሜ»።

የመጀመሪያው የዕቃው የወል ስም ነው። ማንኛውም ቅባት ሻጭ ሊጠቀምበት ስለሚገባ ለአንድ ሰው አይሰጥም። ሁለተኛው ስለ ዕቃው ጥራትና ይዘት የሚናገር ገላጭ ቃል በመሆኑ እንደዚሁ ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ዕቃው የሚመጣበትን አካባቢ ብቻ የሚያመለክት ስም ለአንድ አምራች ቢሰጥ፣ የጎሬና የአሌ አምራቾች የራሳቸውን አገር ስም እንዳይጠሩ መከልከል ይሆናል። አራተኛው ስለ ልምላሜ ጥቂት ፍንጭ ቢሰጥም ቅባቱ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ ገዥው ስሙን ሰምቶ ከዕቃው ጋር ለማያያዝ ማሰብ ይኖርበታል። ለምዝገባ የሚበቃው የዚህ ዓይነት ስም ነው። ከሁሉም የሚጠነክረው ደግሞ በመዝገበ ቃላት የሌለ፣ አምራቹ ራሱ የፈጠረው ቃል ነው።

ደካማ ስም ሌላም ችግር አለው። «ንጹሕ ቅቤ» እንደ ምንም ተመዝግቦ ቢገኝ እንኳ፣ ሌላው አምራች በብልቃጡ ላይ «በንጹሕ ቅቤ የተዘጋጀ» ብሎ ሲጽፍ መከልከል አይቻልም። ባለቤቱ ማስቆም የማይችለው ስም ጥበቃው በወረቀት ላይ ይቀራል።

የቦታ ስም ጉዳይ ምን ያህል አከራካሪ እንደሆነ ኢትዮጵያ ራሷ በቡናዋ አይታዋለች። የአሜሪካው ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2004 «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን የቡና ምልክት በአሜሪካ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አቀረበ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በራሷ ስም ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ስሞቹ የቡና ዓይነት የወል መጠሪያ ሆነዋል በማለት ተቃወመ፤ መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም በመጀመሪያ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን አልተቀበለም። ኢትዮጵያ ክርክሩን ቀጠለች፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ከስታርባክስ ጋር የስም አጠቃቀም ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ሲዳሞም በ2008 ተመዘገበ። ለዚህ ውጤት የመንግሥት ተቋም፣ ዓለም አቀፍ ጠበቆችና ዓመታት የፈጀ ክርክር አስፈልገዋል። አንድ አነስተኛ የቅባት አምራች ይህን ሁሉ መንገድ ሊሄድ አይችልም። የቦታውን ስም ለአድራሻ ትቶ ለዕቃው የተፈጠረ ስም መምረጡ ይቀለዋል።

ይሁን እንጂ ብዙ አምራቾች በአንድነት የአካባቢያቸውን ስም በጋራ ሊጠቀሙበት የሚችሉበት በር አለ። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚያስመዘግቡትን የጋራ ምልክት ያውቃል። በዚህ አሠራር ምልክቱ የማኅበሩ ሆኖ፣ አባላት በጥራት ደንብ ላይ ተስማምተው ይጠቀሙበታል።

ማመልከቻው የሚያልፍበት መንገድ

የመጀመሪያው ሥራ ማመልከት ሳይሆን መፈለግ ነው። አምራቿ «ለምለሜ» የሚለውን ስም ከመለጠፏ በፊት ተመሳሳይ ምልክት መመዝገቡን በባለሥልጣኑ በኩል ማጣራት አለባት። ተመሳሳይነት የሚመዘነው በፊደል ብቻ አይደለም፤ በድምፅ፣ በመልክና በትርጉምም ጭምር ነው። ለምሳሌ «ለምለሚ» የሚል ሳሙና ቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ፣ አንድ ፊደል መለየቱ አያድንም፤ ገበያ ላይ ሁለቱ ሲጠሩ አንድ ይመስላሉና። በኢሉባቦር ማሸጊያ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ስሙን በግዕዝ ፊደልና በቁቤ ሁለቱንም አካቶ ማመልከት ተገቢ ነው። ያለዚያ ሌላ ሰው በቁቤ የተጻፈውን ለራሱ ለማድረግ ይሞክር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕቃ ክፍል ነው። የንግድ ምልክት በሁሉም ዕቃ ላይ አይመዘገብም፤ በተጠቀሰው የዕቃ ዓይነት ላይ ብቻ ነው። በዓለም አቀፍ የዕቃዎች ምደባ መሠረት ሳሙና፣ ሽቶ፣ የጸጉርና የቆዳ ቅባት በክፍል 3 ይካተታሉ። ቡናና ማር በክፍል 30 ናቸው፤ መድኃኒትነት ያላቸው ቅባቶች ደግሞ ወደ ክፍል 5 ይሄዳሉ። አምራቿ ዛሬ የጸጉር ቅባት ብቻ ብትሸጥም በቅርቡ ሳሙና ለመጀመር ካሰበች፣ በማመልከቻዋ ላይ ሁለቱንም መጥቀስ ይኖርባታል። ማር በዚሁ ስም ለመሸጥ ካሰበች ግን ክፍል 30 ሌላ ጉዳይ መሆኑን ማወቅ አለባት።

ማመልከቻው ከምልክቱ ቅጂ፣ ከዕቃዎቹ ዝርዝርና ከክፍያ ደረሰኝ ጋር ሲቀርብ ባለሥልጣኑ በሁለት ደረጃ ይመረምረዋል። ፎርሙ የተሟላ መሆኑን ካየ በኋላ፣ ስሙ ሊመዘገብ የሚችል ዓይነት መሆኑንና ከሌላ ጋር አለመጋጨቱን ያጣራል። ምርመራውን ያለፈ ምልክት በአመልካቹ ወጪ በጋዜጣ ይታወጃል። ከዚያም ተቃውሞ ያለው ሰው በ60 ቀናት ውስጥ እንዲያቀርብ ዕድል ይሰጣል። ተቃዋሚ ካልቀረበ ወይም የቀረበው ውድቅ ከሆነ የምስክር ወረቀቱ ይሰጣል።

ይህ የተቃውሞ ጊዜ ለአመልካቹ ብቻ ሳይሆን ለሌሎች አምራቾችም ይጠቅማል። የአንድ አካባቢ አምራቾች እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሰው ቢመድቡ፣ የራሳቸውን ስም ሌላ ሰው ሊያስመዘግብ ሲል በጊዜው ሊደርሱበት ይችላሉ። ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚጀመር ክርክር የበለጠ ውድና ረጅም ነው።

ምዝገባው ማመልከቻው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ በየ7 ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። እስከታደሰ ድረስ ማብቂያ የለውም። ነገር ግን ሳይጠቀሙበት የተተወ ምልክት በሌላ ሰው ጥያቄ ሊሰረዝ ይችላል፤ አዋጁ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ አምራቿ የሸጠችባቸውን ደረሰኞች፣ ያሳተመቻቸውን ማሸጊያዎችና የተሳተፈችባቸውን ባዛሮች ማስረጃ በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይኖርባታል። ማሸጊያው ላይ የሚታየው ስምም የተመዘገበው ራሱ መሆን አለበት። በየጊዜው ፊደሉን እየቀየሩ፣ ቃል እየጨመሩ መጠቀም የማስረጃውን ጥንካሬ ያሳሳዋል።

ምሥጢር የሚባለው የትኛው ነው?

ቅንብርን በሚመለከት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ምሥጢር የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 39 ላይ ለንግድ ምሥጢር ሦስት መለኪያዎች ያስቀምጣል። መረጃው በሙያው ባሉ ሰዎች ዘንድ በአጠቃላይ የማይታወቅ መሆን አለበት፤ ምሥጢር በመሆኑ ምክንያት የገንዘብ ዋጋ ሊኖረው ይገባል፤ ባለቤቱም እንዳይወጣ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጎ መገኘት አለበት። ሦስቱን በአንድ ምርት ላይ ማየት ጉዳዩን ያቀለዋል።

የአምራቿን ቅባት እንመልከት። ቅቤ ለጸጉር መቀባት በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። ቅቤን ማንጠርም እንዲሁ፤ ስድስተኛ እጅ ያህሉ ውኃ በመሆኑ ውኃውና የወተቱ ዝቃጭ ካልወጡ ቶሎ እንደሚሻግት ማንኛዋም ባለሙያ ታውቃለች። ጥቁር አዝሙድ መጨመርም አዲስ አይደለም። ስለዚህ «ቅባቴ ከነጠረ ቅቤና ከጥቁር አዝሙድ ዘይት የተሠራ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምሥጢር ሊሆን አይችልም፤ መለያ ጽሑፉ ላይ መጻፍም አለበት።

አምራቿ ግን ሌላ ችግር ገጥሟታል። ቅባቷን ከመቱ በጎሬና በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወስድ ነጋዴ፣ ቆላ ሲደርስ ቅባቱ ቀልጦ ከክዳኑ ሥር እንደሚፈስ ይነግራታል። ቅቤ በሰው ገላ ሙቀት ገደማ ይቀልጣል፤ የንብ ሰም ግን ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እስኪሞቅ አይቀልጥም። ሰም ሲበዛ ቅባቱ በቆላ ይጸናል፤ ነገር ግን በመቱ ብርድ ይደርቅና በጣት አይወጣም፤ ጸጉር ላይም ነጭ ሽፋን ይተዋል። ሲያንስ ደግሞ ይፈሳል። እሷ ከብዙ ሙከራ በኋላ ለደጋና ለቆላ የሚበቃውን የሰም ልክ፣ ሰሙ የሚጨመርበትን ሙቀት፣ ዘይቱ ገብቶ መዓዛው እንዳይተን ቅባቱ እስከ ምን መቀዝቀዝ እንዳለበት፣ ፍርፍር እንዳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚረጋ ደርሳበታለች። ምሥጢሯ ይህ ነው። የግብዓቶቹ ስም የታወቀ ቢሆንም ልኩ፣ ቅደም ተከተሉና ሙቀቱ አይታወቁም።

ያልሠሩት ሙከራዎችም የምሥጢሩ አካል ናቸው። ተፎካካሪ «ይህን ያህል ሰም አይሆንም» የሚለውን ብቻ ቢያውቅ እንኳ ወራት የፈጀውን ድካም ያሳጥርለታል። ስለዚህ የወደቁት ሙከራዎች የተጻፉበት ደብተር ልክ እንደ ተሳካው ቅንብር መጠበቅ አለበት።

ለሁሉም የታወቀ ዕውቀት ተመልሶ ምሥጢር እንደማይሆን የእንዶድ ታሪክ ያስረዳል። እንዶድ ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ልብስ ማጠቢያ ሆኖ ያገለገለ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ የቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑን አጠኑ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ኋላ የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጡር እንደሚገድል አረጋገጡ፤ በ1993ም በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተሰጠበት። ልብስ አጣቢዎቹ ዕውቀታቸውን በወንዝ ዳር በይፋ የሚጠቀሙበት ስለነበር ለመደበቅ የሚያስችል ነገር አልነበራቸውም። ለአነስተኛ አምራች የሚቀረው ትምህርት ቀላል ነው፤ ለሕዝብ የወጣውን ዕውቀት የግል ማድረግ አይቻልም፤ በላዩ የተጨመረውን የራስ ግኝት ግን ከመናገር በፊት መጠበቅ ይቻላል።

ምሥጢሩን የመጠበቅ አሠራር

በኢትዮጵያ ለንግድ ምሥጢር ብቻ የወጣ የተለየ አዋጅ የለም። ጥበቃው ከተለያዩ ሕጎች ይመጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንቀጽ 8 ላይ፣ የባለቤቱን ፈቃድ ሳያገኙ በቅን የንግድ አሠራር በማይገባ መንገድ መረጃን መግለጥ፣ መያዝ ወይም መጠቀምን ተገቢ ያልሆነ ውድድር ይለዋል። የወንጀል ሕጉም በሕግ ወይም በውል ሊጠብቀው የሚገባውን የንግድ ምሥጢር የሚገልጥን ሰው ይቀጣል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ መረጃው ምሥጢር እንደነበረና ተቀባዩም ይህን እንደሚያውቅ የሚያሳይ ነገር መኖር አለበት። «ምሥጢር መሆኑን አልነገሩኝም» የሚል መልስ የሚዘጋው በቀድሞ የተዘጋጀ ወረቀት ነው።

ለዚህም አምራቿ ከምታሠራቸው ሰዎች ጋር ከሥራ መጀመሪያ በፊት አጭር ውል መፈራረም ይኖርባታል። ውሉ ሠራተኛው በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈ፣ ሁለት ምስክሮች የፈረሙበት ሆኖ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ ምሥጢር የተባለው ምን እንደሆነ በዓይነት እንጂ በልክ ሳይገለጽ፣ ሠራተኛው ለማንም እንደማይናገርና ለራሱም እንደማይጠቀምበት፣ ግዴታው ከሥራ ከለቀቀም በኋላ የሚቀጥል መሆኑን። ውሉ ላይ ራሱን ልኩን መጻፍ ምሥጢሩን በፊርማ መስጠት ስለሚሆን ስህተት ነው። ሠራተኛው ከራሱ ልምድ ያገኘውን አጠቃላይ የሙያ ችሎታ ግን ውሉ ሊይዘው አይገባም፤ ቅቤ ማንጠርን መማር የማንም ምሥጢር አይደለምና።

ከወረቀት የሚበልጠው ግን የሥራው አደራጃጀት ነው። ሰሙንና ዘይቱን መዝና የምታዋሕደው አምራቿ ራሷ ብትሆን፣ ሠራተኞቹ ደግሞ የነጠረውን ቅቤ ቢያዘጋጁ፣ ቢሞሉና ቢያሽጉ፣ ማንም ሙሉውን አያይም። የተመዘኑ ከረጢቶች «ሀ» እና «ለ» ተብለው ቢጻፍባቸው ሥራው ሳይስተጓጎል ልኩ ይደበቃል። ሰሙን ከአንድ ሻጭ፣ ዘይቱን ከሌላ መግዛትም ሻጩ የወሰደችውን መጠን አስልቶ ቅንብሩን እንዳይገምት ያደርጋል። የቅንብር ደብተሩ ባለ ገጽ ቁጥር ሆኖ እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ ቢኖረው፣ በአንድ ሳጥን ተቆልፎ ቢቀመጥ፣ ኋላ ክርክር ቢነሣ ማን ቀድሞ እንደደረሰበት ያስረዳል። የዚህ ሁሉ ወጪ አንድ ደብተርና አንድ ቁልፍ ነው።

ምሥጢሩ ከሠራተኛ ይልቅ ከአምራቹ ራሱ የሚወጣበት ጊዜም አለ። በባዛር ላይ ለጎብኚ ሲያስረዱ፣ ለማኅበራዊ ገጽ ቪዲዮ ሲቀረጹ፣ ለብድር የሥራ ዕቅድ ሲጽፉ፣ ወይም ሥልጠና ሲሰጡ የሙቀቱ ልክና የሰሙ መጠን በቀላሉ ይነገራል። ቪዲዮ ላይ የሚታይ ሚዛን ንባብ ብቻ ምሥጢርን ለማፍረስ በቂ ነው። አንዴ ለሕዝብ የወጣ ነገርን ፍርድ ቤትም ወደ ምሥጢርነት አይመልሰውም።

ለቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች መረጃ መስጠት ግን ከዚህ የተለየ ነው። የደህንነት ምርመራ ሲጠየቅ ቅንብሩን ለተቆጣጣሪው «ምሥጢራዊ» የሚል ጽሑፍ አድርጎ ማቅረብ ይቻላል፤ በማሸጊያው ላይም የግብዓቶቹን ስም መዘርዘር ልክን መግለጥ አይደለም። የንግድ ምሥጢር ጎጂ ነገርን ለመደበቂያ ሊያገለግል አይችልም። ሜርኩሪ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚጨመር ስቴሮይድ ያለበት የቆዳ ቅባት ምሥጢር ሳይሆን በደል ነው።

የምሥጢር ወሰን፣ የፈጠራ መብትስ?

የንግድ ምሥጢር ሁለት ድክመቶች አሉት። ሌላው ሰው ቅባቱን ከሱቅ ገዝቶ በላብራቶሪ መርምሮ፣ ወይም በራሱ ሙከራ ወደዚያው ልክ ቢደርስ ሕግ አይከለክለውም። ሕጉ የሚከለክለው ማግኘትን ሳይሆን መስረቅን ነው። ስለዚህ ዕቃውን አይቶ የሚገመት ነገር፣ ለምሳሌ ቀለሙ ወይም የብልቃጡ ቅርጽ፣ በምሥጢር አይጠበቅም፤ ከተጠናቀቀው ዕቃ ላይ ለማንበብ የሚከብደው የአሠራር ሂደት ነው የሚጠበቀው።

አማራጩ የፈጠራ መብት ማውጣት ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፓተንት ዘመኑ 15 ዓመት ሆኖ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። በምላሹ ግን ፈጠራው ለሕዝብ በዝርዝር መገለጽ አለበት፤ አዲስና የፈጠራ ደረጃ ያለውም መሆን ይኖርበታል። የሰም መጠንን ማስተካከል ብዙውን ጊዜ ይህን መለኪያ አያልፍም። ለእንዲህ ያለው ማሻሻያ ምሥጢር የተሻለ ነው፤ ያለ ምዝገባ፣ ያለ ክፍያ፣ እስከተጠበቀ ድረስ ይኖራል። የኮካ ኮላ ቅንብር ከ100 ዓመት በላይ በዚህ መንገድ ቆይቷል፤ ፓተንት ቢወጣበት ኖሮ ዘመኑ ካበቃ ቆይቶ ነበር።

ሌላ ሰው ሲገለብጥ

አምራቿ በመቱ ገበያ «ለምለሜ» የሚል የሌላ ሰው ቅባት አየች እንበል። የመጀመሪያው ሥራ ጠብ መጀመር ሳይሆን ማስረጃ መያዝ ነው። ዕቃውን ደረሰኝ አስቆርጣ መግዛት፣ ማሸጊያውን ከራሷ ጋር ጎን ለጎን ፎቶ ማንሣት፣ የሸጠበትን ሱቅና ቀን መጻፍ አለባት። ገዥ ተሳስቶ ያንን የገዛ እንደሆነም ስሙንና የሆነውን መመዝገብ ይጠቅማል፤ ክርክሩ የሚያጠነጥነው ገዥው ይሳሳታል ወይስ አይሳሳትም በሚለው ላይ ነውና።

ምልክቱ የተመዘገበ ከሆነ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብና አታላዩ ሽያጩን እንዲያቆም መጠየቅ ትችላለች። አዋጅ ቁጥር 501/1998 መብቱን ሆን ብሎ ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እሥራት ይደነግጋል። ያልተመዘገበ ከሆነ በሩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሸማቹን የሚያደናግር ተግባርን የሚከለክለው የአዋጅ 813/2006 ድንጋጌ ይቀራል። በዚህ መንገድ ግን ስሙ በገበያ ይታወቅ እንደነበር የማስረዳት ሸክሙ በእሷ ላይ ይወድቃል።

ከሳሽ ለመሆን የሚፈልገው ማስረጃ ሁሉ ከወራት በፊት የተዘጋጀ ነው። ደረሰኝ፣ የቅንብር ደብተር፣ የሠራተኛ ውል፣ የማሸጊያ ናሙናና የማመልከቻ ቀን የተጻፈበት ወረቀት በአንድ ሣጥን ካሉ፣ በመቱም በአዲስ አበባም ጠበቃ ሊሠራበት የሚችል ጉዳይ ይሆናል። ከሌሉ ግን እውነቱ ከአምራቿ ጋር ቢሆንም የሚያስረዳው ነገር የለም። በቅደም ተከተልም ስሙን ማጣራትና ማመልከት ማሸጊያ ከማሳተም በፊት፣ ከሠራተኛ ጋር ውል መፈራረምም ልክ ከመንገር በፊት መምጣት አለበት።